ሰማያዊው ፓፍ በወር ሲያልቅ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። አስም ከያዘኝ ቆይቷል። ድሮ አንድ ሰማያዊ ፓፍ ብዙ ወር ያቆየኝ ነበር፤ አሁን በወሩ ያልቃል። ሲያፍነኝ ሁለት ሦስቴ አከታትዬ አፌ ውስጥ እነፋለሁ። አፌን ይመረኛል እንጂ እንደ ድሮው አይለቀኝም። ሌሊት በሳል እነቃለሁ። ሐኪሙ ቡናማውን ጨምሮ ‹ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት› ብሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት ሞክሬው ምንም ስላላደረገልኝ ተውኩት። ጎረቤቶቼም ‹ሁለት ፓፍ ከጀመርሽ ሱስ ሆኖብሽ ይቀራል› ይሉኛል። የምተዳደረው በርበሬ አዘጋጅቼ በመሸጥ ነው። ሥራውን ልተወው? ወይስ ጠንከር ያለ መድኃኒት አለ?»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ «በወሩ ያልቃል» ያልሽው ነው። ከእሱ ልጀምር።

ሰማያዊው ሳልቡታሞል ነው። አንዱ ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ርጭት ይይዛል። 200ን ለ30 ቀን ስታካፍይው በቀን ስድስት ሰባት ርጭት ይሆናል። አስሙ በቁጥጥር ሥር የሆነ ሰው ግን ሰማያዊውን የሚፈልገው በሳምንት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እንደሚለው፣ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ መታፈን ይበልጥ ይጋለጣል። በዓመት 12 እና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ በአስም የመሞት አደጋው ከፍ ይላል። አሥራ ሁለት ማለት በየወሩ አንድ ነው። አንቺ ያለሽው እዚያ ላይ ስለሆነ ጉዳዩን ሳታሳድሪ ያዢው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አስም ሲነሣ ሳንባ ውስጥ ያሉት የአየር ቧንቧዎች በሁለት መንገድ ይጠባሉ። አንደኛ፣ ቧንቧውን እንደ መቀነት የከበበው ጡንቻ ይጨመድዳል። ሁለተኛ፣ የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ያብጣል፣ ይቆጣል፣ አክታ ያመነጫል። ሳልቡታሞል የሚሠራው በጡንቻው ላይ ብቻ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ያላላዋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስም ያቆየዋል። እብጠቱን ግን አይነካውም። ስለዚህ አንቺ ቀለል ብሎሽ ሥራ ላይ ስትሆኚ እብጠቱ ከሥር እየቀጠለ ነው። ሌሊት በሳል የሚቀሰቅስሽም ይኸው ነው። እብጠቱ ሲጨምር ጡንቻው ቢላላ እንኳ ቧንቧው በደንብ አይከፈትም። በዚያ ላይ ሳልቡታሞልን በየቀኑ አብዝቶ መውሰድ በራሱ የመድኃኒቱን ጉልበት እየቀነሰው ይሄዳል። እንደ ድሮው ያልለቀቀሽ በእነዚህ ነው። አነፋፉም አለበት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቡናማው ቤክሎሜታዞን መሆኑ አይቀርም። ግን በቀለሙ አትተማመኚ። ቀለሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና ስሙን አንብቢ፣ ወይ ፋርማሲ ወስደሽ አስነብቢ። የቤክሎሜታዞን ሥራ ያንን እብጠት ማብረድ ነው። ጡንቻውን አያላላም፤ ስለዚህ ነፍተሽው ወዲያው ምንም አይሰማሽም። አለመሰማቱ መድኃኒቱ እንደማይሠራ አያሳይም። እብጠት በአንድ ሌሊት አይበርድም። ለውጡ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ወራት ሊወስድ ይችላል። አንቺ የተውሽው ገና ሊሠራ ሲጀምር ነው። በፋርማሲ መስኮት ላይ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ወዲያው የሚያስተነፍሰውን ይወድና ቀስ ብሎ የሚያድነውን ይጥላል። የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱን ሲሰጡት ይህን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ጎረቤቶችሽ «ሱስ» የሚሉት በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ተነሥተው ይመስለኛል። ሰው ቡናማውን ሲያቆም አስሙ ይመለሳል፤ ያኔ «መድኃኒቱ ለመደበት» ይባላል። የተመለሰው ግን ቀድሞም የነበረው በሽታ ነው። ቤክሎሜታዞን ሱስ አያስይዝም። ከስቴሮይድ ወገን በመሆኑ የሚፈሩትም አሉ። መጠኑን ተመልከቺ። በአንድ ርጭት 100 ማይክሮ ግራም ያለበትን በቀን አራት ጊዜ ብትወስጂ 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። አስም ከብዶ ሆስፒታል ሲገባ የሚሰጠው የፕሬድኒሶሎን እንክብል ግን ለአዋቂ በቀን 40 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ፓፉ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ ትንሹ ይበቃል። እሱን በየቀኑ መውሰድሽ ከብዙው እንክብል ያድንሻል። ሊያስቸግርሽ የሚችለው የአፍ ውስጥ ፈንገስና የድምፅ መጎርነን ነው። ለዚህ ከነፋሽ በኋላ አፍሽንና ጉሮሮሽን በውሃ ተጉመጥምጠሽ ትፊዋለሽ። ውሃውን አትዋጪው። ቡናማውን ከጥርስ መፋቂያሽ ጎን አስቀምጪው። ጠዋትም ማታም መጀመሪያ ፓፉን፣ ከዚያ ጥርስሽን። እንዲህ ካደረግሽ መጉመጥመጡም አይረሳም፣ መድኃኒቱም አይረሳም።

አሁን ወደ አነፋፉ። «አፌን ይመረኛል» ማለትሽ ብዙ ይናገራል። መድኃኒቱ ምላስሽና ጉሮሮሽ ላይ ቀርቷል፤ ሳንባሽ ያገኘው ጥቂቱን ነው። ርጭቱ ከቆርቆሮው የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። አንቺ በዚያች ቅጽበት ወደ ውስጥ እየሳብሽ ካልሆነ ከጉሮሮሽ ጀርባ ጋር ይጋጭና እዚያው ይለጠፋል። በፍጥነት ከሳብሽውም እንደዚያው ነው። ሁለት ሦስቴ አከታትሎ መንፋት ደግሞ የመጀመሪያውን ያባክናል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ያለ ማወዛወዝ ስለምትረጪው መጠኑ አይስተካከልም።

እንዲህ አድርጊው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ወይም ቁሚ። ክዳኑን ክፈቺና አፉን ተመልከቺ። አንቺ በርበሬ መሀል የምትውዪ ሰው ነሽ፤ ክዳን የሌለው ፓፍ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ የበርበሬ ብናኝ ወይም ክር ሊገባበት ይችላል። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳትጠቀሚበት ከቆየ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር ላይ እርጪው። ከዚያ በደንብ አወዛውዢው። ፊትሽን ከፓፉ ዞር አድርገሽ ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ እስኪያልቅ አውጪ። ሳንባሽ ባዶ ካልሆነ አዲሱ አየር የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። አሁን የፓፉን አፍ በጥርሶችሽ መካከል አስገቢ፤ ከንፈርሽን ዙሪያውን ግጠሚ፤ ምላስሽ ከሥር ይሁን። ቀስ ብለሽ በአፍሽ መሳብ ጀምሪ፤ መሳብ እንደጀመርሽ ቆርቆሮውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኚ። ሳታቋርጪ ሦስት አራት አምስት ሰከንድ ያህል ቀስ ብለሽ መሳቡን ቀጥዪ። ሳንባሽ ሲሞላ ፓፉን አውጥተሽ አፍሽን ዝጊና እስከ 10 ቁጠሪ። ከዚያ ተንፍሺ። ሁለተኛውን ለመውሰድ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፤ እንደገና አወዛውዢና ከመጀመሪያው ጀምሪ።

ትክክል መሆንሽን ለማወቅ መስታወት ፊት ቁሚ። በአፍሽ ጠርዝ ወይም በአፍንጫሽ እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ሲወጣ ካየሽ አልገባም። ምሬቱ ምላስሽ ላይ ከጠነከረም እንደዚያው።

መሳቡንና መጫኑን ማገጣጠም ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ሲያፍን ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ስፔሰር የሚባል ዕቃ አለ። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው። ርጭቱ እዚያ ውስጥ ይዘገይና አንቺ በራስሽ ጊዜ ትስቢዋለሽ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀረውም ይቀንሳል፤ ከቡናማው የሚመጣው የአፍ ፈንገስም እንዲሁ። ከሰማያዊው ይልቅ ለቡናማው እንዲያውም በጣም ያስፈልጋል። ፋርማሲ ብታገኚ ግዢ። ካላገኘሽ ግን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ይህን እንደ ማባበያ አትይው። በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ተሠርቶ በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት፣ አስም ለተነሣባቸው ሕፃናት በትክክል የተዘጋጀ የ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል።

አሠራሩ ይህ ነው። ሃይላንዱን በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ እጠቢ። ውስጡን በጨርቅ አትጥረጊው፤ መጥረግ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን እንዲስብ ያደርገዋል። ደፍተሽ በአየር አድርቂው። የፓፉን አፍ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእስክርቢቶ አስምሪ። ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠበብ አድርገሽ በጋለ ቢላ ቁረጪ፤ ፓፉ ሲገባ ጥብቅ እንዲል። ክፍተት ካለ በፕላስተር ዙሪያውን ሸፍኚው። የፕላስቲክ ስብርባሪ እንዳይቀር አራግፊ። ስትጠቀሚ ፓፉን አወዛውዘሽ ከቀዳዳው ትሰኪያለሽ፤ ትንፋሽሽን ታወጫለሽ፤ የጠርሙሱን አፍ በከንፈርሽ ትገጥሚያለሽ፤ አንድ ጊዜ ትጫኛለሽና ወዲያው ቀስ ብለሽ ስበሽ 10 ሰከንድ ትይዣለሽ። ትንፋሽሽ አጥሮ ይህ ካቃተሽ እዚያው ላይ አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ተንፍሺ። ሁለት ርጭት አንድ ላይ አትጨምሪ፤ ብዙው ጠርሙሱ ላይ ይቀራል።

የፓፉ መያዣ ፕላስቲክም በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት። ብረቱን ቆርቆሮ አውጪ፤ እሱን ውሃ አታስነኪ። ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ በደንብ ካደረቅሽ በኋላ መልሺው። ሳልቡታሞል ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አንዳንዴ «መድኃኒቱ ደከመ» የሚባለው ተደፍኖ ነው።

ማለቁን በማወዛወዝ ወይም ውሃ ላይ በማንሳፈፍ ለማወቅ አትሞክሪ። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ጋዙ ይቀራል፤ ይረጫል፣ ድምፅም አለው። ቁጥር የሚያሳይ ካልሆነ ራስሽ ቁጠሪ። ቡናማው ባለ 200 ርጭት ከሆነ በቀን አራት 50 ቀን ይሄዳል። ጥቅምት 1 ጠዋት ከጀመርሽ ኅዳር 20 ማታ ያልቃል። የጀመርሽበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት፤ ኅዳር 15 ላይ ሌላ ግዢ። ለሰማያዊው ደግሞ ደብተር ላይ በወሰድሽ ቁጥር አንድ ሰረዝ አስምሪ፤ ሁለት ሦስት ርጭት በአንድ ጊዜ ብትወስጂም ሰረዙ አንድ ነው። አሁን በሳምንት ከ15 እስከ 23 ያህል ሰረዝ ይኖርሻል። ቡናማውን በትክክል እየወሰድሽ ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ሰረዙ መሳሳትና ሌሊት መንቃቱ መቀነስ አለበት። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ በሳምንት ሁለት ሰረዝ ላይ ካልወረደ ወደ ሐኪሙ ተመለሺ። ሁለቱን ፓፍና ደብተሩን ይዘሽ ሂጂ፤ ፊት ለፊቱ ንፊና ይመልከትሽ። ያኔ ጠንከር ያለ ነገር ያስፈልግሽ እንደሆነ በማስረጃ ይወስናል። ከሁሉ በፊት ግን አሁኑኑ አንድ ጊዜ ቀርበሽ ቡናማውን እንደገና መጀመርሽን ንገሪው። በወር አንድ ሰማያዊ የሚጨርስ ሰው ያለ ሐኪም ዓይን መቆየት የለበትም።

ጥሩ ሲሰማሽ ቡናማውን አትተዪው። ማሳነስም ሆነ ማቆም ለሐኪሙ ተዪለት። ጂና በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ ለአዋቂና 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ አስምን በሰማያዊው ብቻ ማከም አይመክርም። ሁለቱ ሥራ አንድ ላይ ያለበት ቡዴሶናይድና ፎርሞቴሮል የተደባለቀበት ፓፍም አለ። እሱ ከታዘዘልሽ አወሳሰዱ ከዚህ የተለየ ነውና ሐኪሙ እንደነገረሽ ተከተዪ።

በርበሬው ሥራሽን እንድትተዪ አልነግርሽም፤ እንጀራሽ ነው። አስምን የሚቀሰቅሰው ግን ብናኙና ጭሱ ነው። ቅንጠሳውን ደጅ ላይ፣ ነፋሱን በጀርባሽ አድርገሽ ሥሪ፤ አፍንጫና አፍሽን በደንብ በሚገጥም ማስክ ሸፍኚ። ወፍጮ ቤት ሌላ ሰው ይሂድልሽ። በርበሬውን ስታምሺ ቤቱ ተዘግቶ አይሁን። ከሰል በሚጤስበት ጠባብ ክፍል መዋልና ዕጣን ማጤስም ያው ነው። ሰማያዊው በዚያን ቀን ኪስሽ ውስጥ ይኑር፤ ቡናማው ግን ጠዋት ተወስዶ ይሁን። ቡናማው ሲያፍንሽ ለመድረስ አይደለም፤ ለዚያ ሰማያዊውን ነው የምትወስጂው።

ከባድ ማፈን ከመጣ አትተኚ፤ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። በሃይላንዱ አራት ርጭት ሰማያዊ፣ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ አራት ጊዜ ተንፍሺ። አራት ደቂቃ ጠብቂ። ካልተሻለሽ እንደገና አራት ርጭት ውሰጂና ወደ ሆስፒታሉ መኪና ወይም ባጃጅ አስጠሪ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽሽ ካጠረ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ፣ ከጎድን አጥንትሽ መካከል ቆዳው ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለሽ ግን የሚጠበቅ ደቂቃ የለም። የሚያፏጭ የነበረ ደረት ሳይሻልሽ ዝም ካለም አየሩ መግባት አቁሟል ማለት ነው። ቤተሰብሽ ይህን ይወቅ፤ ያኔ አንቺ ልትነግሪያቸው አትችዪምና። በመንገድ ላይም ሰማያዊውን በየአራት ደቂቃው አራት አራት ርጭት እያደረጉልሽ ይድረሱ።